ዕይታው ከየት መጣ? ፈልጎ የመጣን፣ በጥቆማ የመጣንና በሊንክ የመጣን ተመልካች ለይቶ ማንበብ

በዓል ባለፈ ቁጥር ከአማርኛ ዩቲዩበሮች ዘንድ አንድ ዓይነት እሮሮ ይሰማል። «ዩቲዩብ ቻናሌን አፈነው» ይባላል። ለፋሲካ ሰሞን በደንብ ሲታይ የነበረ የዶሮ ወጥ ቪዲዮ በሳምንቱ ጭጭ ይላል። ባለቤቱ ተምኔል ይቀይራል፣ ርዕስ ይቀይራል፣ ሊንኩን በየግሩፑ ይበትናል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 «Trending» የተባለውን ገጽ እንደሚያስቀር ማሳወቁን ከዚሁ ጋር የሚያያይዙም አሉ።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ማንም የቻናል ባለቤት በነፃ የሚያየው አንድ ሰንጠረዥ አለ። ችግሩ ብዙ ሰው ጠቅላላ ቁጥሩን አይቶ መውጣቱ ነው። ጠቅላላው ቁጥር ደግሞ ፍላጎታቸው ጨርሶ የማይገናኝ ሰዎችን በአንድ ላይ ይደምራል።

«የትራፊክ ምንጭ» ሲባል

የትራፊክ ምንጭ ማለት ተመልካቹ ቪዲዮውን ከመክፈቱ በፊት የነበረበት ቦታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ከፍተን «Analytics»፣ ከዚያ «Reach» ስንል ዝርዝሩ ይመጣል። ብዙ መስመር አለው። የመነሻ ገጹ አለ፣ የቻናሉ ገጽ አለ፣ ማሳወቂያ አለ፣ ፕሌይሊስት አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሦስቱ ላይ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ንባብ ያለው እነሱ ላይ ነውና።

«YouTube search» ዩቲዩብ ላይ ራሱ ጽፎ ፈልጎ የመጣው ነው። «Suggested videos» ሌላ ቪዲዮ እያየ ሳለ ከጎኑ ወይም ከሥሩ በቀረበለት ጥቆማ የመጣው ነው። «External» ደግሞ ከዩቲዩብ ውጭ፣ ከሌላ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ የመጣው ነው።

ስሞቹ ግልጽ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ወጥመድ አለ። በቪዲዮ መግለጫ ሥር የምናስቀምጠው ሊንክ ተጭኖ የመጣ ሰው የሚቆጠረው ከጥቆማ ጋር ነው። ስለዚህ የጥቆማው ቁጥር ከፍ ሲል ሁሌ «አልጎሪዝሙ ወደደኝ» ማለት አይደለም፤ የራሳችን ሊንክ ሊሆን ይችላል። ጎግል ላይ ፈልጎ የመጣው ደግሞ ፈላጊ ሆኖ ሳለ የሚገባው ከውጭ ምንጮች ተርታ ነው። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ተጭኖ የመጣው ሰው ከየት እንደመጣ መለያው በመንገድ ከጠፋ «Direct or unknown» በሚለው ሥር ይወድቃል። ሊንክ በለጠፍንበት ሰዓት ይህ መስመር ብድግ ካለ ምንጩን መገመት ይቻላል፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም።

አንድ ቪዲዮ፣ ሦስት ዓይነት ሰው

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ እንጂ የማንም ቻናል አይደሉም። የ13 ደቂቃ የዶሮ ወጥ ቪዲዮ በ28 ቀን ውስጥ 10,000 ጊዜ ታየ እንበል። ከዚህ ውስጥ 4,200ው በፍለጋ፣ 2,300ው በጥቆማ፣ 1,500ው ከውጭ የመጣ ነው። የቀረው 2,000 ከመነሻ ገጽ፣ ከማሳወቂያና ከመሳሰሉት ነው። አማካይ የዕይታ ጊዜው 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው።

ይህን አማካይ ያየ ሰው «ሰዉ እስከ አራተኛው ደቂቃ አይቆይም፣ ቪዲዮውን ላሳጥረው» ይላል። ግን በየምንጩ ሲከፈት ሌላ ነገር ይወጣል። በፍለጋ የመጣው በአማካይ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቆይቷል። በጥቆማ የመጣው 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆይቷል። ከውጭ የመጣው 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ብቻ። ሌሎቹ 4 ደቂቃ ያህል። 3፡36 የሚባለው ቁጥር እንግዲህ ከሦስቱ የአንዱንም ጠባይ አይነግረንም።

አሁን ዕይታውን በቆይታው እናባዛው። ፍለጋው ወደ 222 ሰዓት ያህል ሰጥቷል። ጥቆማው 217 ሰዓት ገደማ። በዕይታ ብዛት ጥቆማው የፍለጋው ግማሽ ገደማ ነበር፤ በሰዓት ግን እኩል ለእኩል ሊባል ይችላል። ከውጭ የመጣው 27 ሰዓት ብቻ ነው። ለአጭር ቪዲዮ ብሎ ይህንን ቪዲዮ መቁረጥ ማለት ረጅም የሚያየውን ሰው ቆርጦ መጣል ነው።

ፈልጎ የመጣው፦ በእጁ ጥያቄ ይዟል

በፍለጋ የመጣው ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ትቶልን ይሄዳል። «YouTube search» የሚለውን መስመር ስንጫን የተጻፉት ቃላት ይዘረዘራሉ፤ በእያንዳንዱ ፊት ዕይታና አማካይ ቆይታ አለ። ለእቅድ ከሚጠቅሙት ሰንጠረዦች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

በአማርኛ ቻናሎች ላይ ይህ ዝርዝር የራሱ መልክ አለው። አንዱ «የዶሮ ወጥ አሰራር» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «የዶሮ ወጥ አሠራር» ይላል። ሦስተኛው በላቲን ፊደል «doro wot aserar» ብሎ ይገባል። አራተኛው «doro wet recipe» ይላል። አራቱም የሚፈልጉት አንድ ወጥ ነው፤ በሰንጠረዡ ግን አራት ተራ መስመር ይሆናሉ። ነጣጥሎ ያያቸው ሰው እያንዳንዱን ጥቃቅን አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዝርዝሩን አውርዶ ተመሳሳዩን መደመር ነው። በሰ እና በሠ፣ በጸ እና በፀ፣ በአ እና በዐ ልዩነት ብቻ የተበተነው ሲሰበሰብ ደረጃው ይቀያየራል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ከማለፋችን በፊት ደግሞ ከአገር ጋር አገናኝቶ ማየት ይበጃል። በ«Advanced mode» የፍለጋውን ምንጭ መርጠን በአገር ስንከፍለው በላቲን የሚጽፈው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ይሁን ወይስ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ይሁን ፍንጭ ይሰጣል። ውጭ ያለው የተገነጠለ ዶሮ ከሱቅ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ያለው ዶሮውን ገና ከነላባው ይዟል። የሁለቱ ቪዲዮ አንድ አይደለም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከዝርዝሩ መሃል «የዶሮ ብልት አወጣጥ» የሚል ፍለጋ 260 ዕይታ አምጥቷል እንበል። አማካይ ቆይታው 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ይህ ሰው ስለ ቁሌት አልጠየቀም። ዶሮው ፊቱ ተጋድሟል፤ 12ቱን ብልት እንዴት እንደሚያወጣ ነው ግራ የገባው። ቪዲዮው ውስጥ ይህ ክፍል ያለው ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። 1፡20 ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም ሰውየው ከመጀመሪያው አይቶ፣ ሰልችቶት፣ ሳያገኘው ወጥቷል። አንድም በቀጥታ ወደ አራተኛው ደቂቃ ዘሎ፣ የፈለገውን አይቶ፣ አመስግኖ ሄዷል። አማካዩ ብቻ አይለየውም። የሚለየው የቆይታ መስመሩ ነው፤ ማለትም በየሰከንዱ ስንቱ እንዳለ የሚያሳየው ግራፍ። አራተኛው ደቂቃ አካባቢ መስመሩ ጉብ ካለ ሰዎች ወደዚያ እየዘለሉ ወይም እየመለሱ እያዩት ነው። ጉብታ ከሌለና መስመሩ ከመነሻው ቁልቁል ከወረደ ሳያገኙት እየወጡ ነው።

ጉብታ ካለ ቀላሉ መፍትሔ በመግለጫው ላይ የምዕራፍ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው 00:00 መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም።

```
00:00 የሚያስፈልጉ ነገሮች
04:05 የዶሮ ብልት አወጣጥ
06:40 ቁሌት
11:10 ማጠናቀቅ
```

ጉብታ ከሌለ ግን ጥያቄው የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል። አራት ደቂቃ የሚሆን፣ ርዕሱ ሰው እንደሚጽፈው «የዶሮ ብልት አወጣጥ» የሚል፣ በአሥረኛው ሰከንድ ቢላው ዶሮው ላይ ያረፈ። ሰላምታው፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው፣ የስፖንሰሩ ምስጋና ሁሉ ወደ ኋላ ይሂድ። የፈላጊ ትዕግሥት አጭር ነው፤ እጁም የቆሸሸ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ታግ አንድ ነገር። ብዙዎች ሃምሳ ቃል ታግ ውስጥ ይሞጅራሉ። ዩቲዩብ ራሱ ታግ በፍለጋ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ፣ በዋናነት የሚጠቅመው በተለያየ መንገድ እየተጻፈ ለሚሳሳት ቃል እንደሆነ ይናገራል። ለአማርኛ እንግዲህ ጥሩ ቦታው ይኸው ነው፤ የፊደል አማራጩንና የላቲኑን አጻጻፍ ታግ ላይ ማድረግ ይበቃል። የቃላት ጋጋታ መግለጫው ላይ መለጠፍ ግን ከዩቲዩብ ደንብ ጋር ያጋጫል።

በጥቆማ የመጣው፦ ጥያቄ የለውም፣ ስሜት አለው

በጥቆማ የመጣው ሰው ምንም አልጠየቀም። ሌላ ነገር እያየ ነበር። ስለዚህ እሱን ለማወቅ የሚታየው ሲያየው የነበረው ቪዲዮ ነው። «Suggested videos»ን ስንጫን ያንን ዝርዝር እናገኛለን።

ዝርዝሩን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። የራሳችን ቪዲዮዎች፣ በተመሳሳይ ጉዳይ የሚሠሩ የሌሎች ቪዲዮዎችና ጭራሽ ያልጠበቅናቸው። በምሳሌያችን ከላይ የተቀመጡት የራሳችን «የበርበሬ አዘገጃጀት» ቪዲዮ እና የሌሎች ሰዎች የበዓል ገበያ ቪዲዮዎች ናቸው እንበል። የዶሮ፣ የእንቁላልና የሽንኩርት ዋጋ የሚያስቃኙት ማለት ነው። ሌላ የዶሮ ወጥ አሰራር ግን ከዝርዝሩ እምብዛም የለም።

ይህ ትልቅ ወሬ ነው። አንድ አሰራር ያየ ሰው ሁለተኛ አሰራር አላየም። የበዓል መንፈስ ውስጥ ያለ ሰው ግን ከገበያ ወደ ማጀት ተከትሎን መጥቷል። ለእሱ የሚሆነው ቀጣይ ቪዲዮ «ዶሮ ወጥ በአዲስ መንገድ» አይደለም። ከገበያ እስከ ማዕድ የሚሄድ የበዓል ውሎ ነው፤ ረዘም ቢልም ይታያል። ርዕሱም ለፍለጋ የተመቸ መሆን የለበትም። «የዶሮ ወጥ አሰራር» የሚለው ርዕስ ለጠየቀ ሰው መልስ ነው፤ ላልጠየቀ ሰው ግን የሚጋብዝ ነገር የለውም። ተምኔሉም ከገበያው ቪዲዮ ጎን ሲቀመጥ የዚያው ታሪክ ቀጣይ መምሰል አለበት።

በርበሬው የራሳችን ቪዲዮ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። ሁለቱን በአንድ ፕሌይሊስት ማስገባት፣ በርበሬው ሲያልቅ በመዝጊያ ስክሪን ወደ ዶሮው መጠቆም ይቻላል። ብቻ ልብ ማለት የሚገባው፣ በመዝጊያ ስክሪንና በፕሌይሊስት የመጣ ዕይታ በራሱ መስመር ነው የሚቆጠረው። ያንን ካደረግን በኋላ የጥቆማው ቁጥር ትንሽ ቢወርድ ሰው ቀረ ማለት ላይሆን ይችላል። መስመር ቀይሮ ይሆናል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የጠቅታ መጠንን በምንጮች መካከል ማወዳደር ነው። የጠቅታ መጠን ማለት ተምኔሉ ከታየባቸው ጊዜያት ስንቱ ወደ ዕይታ ተለወጠ የሚለው በመቶኛ ነው። ዩቲዩብ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ክልል እንደሚገኝ ይገልጻል። የሚፈልግ ሰው ፊት የቀረበ ተምኔል ከተቀመጠ ሰው ፊት ከቀረበው በላይ ቢጫን አይገርምም። ቪዲዮው ወደ ሰፊ ሕዝብ ሲጠቆም ደግሞ መቶኛው ይወርዳል፤ ዕይታው ግን ይጨምራል። ፍለጋን ከፍለጋ፣ ጥቆማን ከጥቆማ ጋር ብቻ ማወዳደር ነው።

በሊንክ የመጣው፦ ሰው ነው የላከው

ከውጭ የመጣውን ለማንበብ መጀመሪያ የሚደረገው ጎግልን ከመሃል ማውጣት ነው። ጎግል ላይ ፈልጎ የመጣ ሰው ጠባዩ የፈላጊ ነው፤ ከፍለጋው ጋር ይደመር። የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ነው።

ሪፖርቱ መተግበሪያውን ይነግረናል እንጂ ግሩፑን አይነግረንም። አምስት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በአንድ ሰዓት ብንለጥፍ የትኛው እንደሠራ ፈጽሞ አናውቅም። በተለያየ ቀን መለጠፍና ቁጥሩ መቼ እንደዘለለ ማየት ሻካራ ቢሆንም የሚሠራ ዘዴ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቪዲዮው ወርዶ እንደ ፋይል ከግሩፕ ግሩፕ ከተላለፈ ያ ሁሉ ዕይታ ዩቲዩብ ላይ አይመዘገብም።

የዚህ ሰው ቆይታ አጭር የሆነው ቪዲዮው መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። እህቱ «ይኼን እይ» ብላ ልካለት ከፈተ፤ ለየትኛው ነገር እንደላከችለት ግን አልነገረችውም። 13 ደቂቃ ውስጥ ያንን መፈለግ የሱ ሥራ ሆነ። ስለዚህ ሊንኩ ራሱ ወደ ነገሩ መውሰድ አለበት። ከሊንኩ መጨረሻ ሰከንዱን ጨምሮ መላክ ይቻላል፤ 4፡05 ማለት 245 ሰከንድ ነው።

```
https://youtu.be/VIDEO_ID?t=245
```

ከዚህ የተሻለው ለመላክ የተሠራ ቪዲዮ ማዘጋጀት ነው። «ለስንት ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት» የሚል የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እናት ለውጭ አገር ልጇ የምትልከው ዓይነት ነው። ፍለጋ ላይ ብዙም ላይወጣ ይችላል። ለመላክ ግን ምክንያት አለው።

ሊንክ መበተን ቻናል ይጎዳል?

እዚህ ላይ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ከውጭ የሚመጣ ሰው ቶሎ ስለሚወጣ አማካዩን ያወርዳል፣ አልጎሪዝሙም ቪዲዮውን ይቀጣዋል ይላል። ሌላው ወገን በመጀመሪያው ሰዓት ሊንክ መበተን ቪዲዮውን «ያስነሳዋል» ብሎ ያምናል።

ዩቲዩብ ለቻናል ባለቤቶች በሚሰጠው ማብራሪያ ሁለቱንም ያለዝባል። ከውጭ የሚመጣ ትራፊክ ቪዲዮውን ለማስተዋወቅ እንደ ምልክት ሊያገለግል እንደሚችል ይናገራል። ግን የቪዲዮው ቀጣይ ዕድል የሚወሰነው በዩቲዩብ ላይ በጥቆማ ሲቀርብ ሰዎች በሚሰጡት ምላሽ ነው። በውጭ ትራፊክ ምክንያት አማካዩ ቢወርድ ያ የተለመደ ነው፣ አትጨነቁ ይላል። የተምኔል ቆጠራውም ቢሆን በሌሎች ድረ ገጾች ላይ የታየውን አይጨምርም።

በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች ትክክል የሚመስላቸው ጠቅላላውን አማካይ ስለሚያዩ ነው። ሊንክ የበተነ ሰው መፈተሽ ያለበት የጥቆማው ቆይታ ከመበተኑ በፊትና በኋላ ተለውጧል ወይ የሚለውን ነው። በምሳሌያችን የጥቆማው 5፡40 ባለበት ከቆመ የውጪው 1፡05 ጉዳት አላመጣም። ጥቆማውም ካልጨመረ ደግሞ ማስነሳት የሚባለው ነገር አልተፈጠረም። 1,500 ሰው መጣ፣ ሄደ።

«ታፈንኩ» ከማለት በፊት

ከበዓል በኋላ የሚወርደውን ዕይታ በምንጭ ስንከፍለው የወረደው በብዛት የትኛው እንደሆነ ይታያል። የፍለጋው ቁጥር ወርዶ የጥቆማው ቆይታ ካልተለወጠ ሰው መጠየቅ አቁሟል ማለት ነው። በጾም ወቅትም እንዲሁ ነው፤ ዶሮ ወጥ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ማን ይፈልገዋል? በዚያ ሰሞን የሽሮና የአትክልት ፍለጋ ሊነሳ ይችላል። በአንጻሩ የጥቆማው ቁጥርም ቆይታውም አብረው ከወረዱ ችግሩ ቪዲዮው ጋ ሊሆን ይችላል፤ ርዕስና ተምኔል ማየት ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።

ለዚህም ወርን ከወር ማወዳደር ያሳስታል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ዘንድሮ ሚያዝያን ከአምናው ሚያዝያ ጋር ካስተያየን አንዱ ወር ሙሉ ጾም፣ ሌላው ግማሹ ፍስክ ሊሆን ይችላል። ከፋሲካ በፊት ያሉትን 14 ቀናት ከአምናው ፋሲካ በፊት ካሉት 14 ቀናት ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ቀኑ ራሱም የእኛ ቀን አይደለም። ዩቲዩብ ዕለታዊውን ቁጥር የሚዘጋው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ሲሰላ የሪፖርቱ ቀን የሚጀምረው እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። በፋሲካ ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቪዲዮውን የከፈተ ሰው በሪፖርቱ የሚመዘገበው ቅዳሜ ላይ ነው። የቅዳሜን ፍለጋ ከእሑድ ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህንን ካላወቀ የቅዳሜውን ማታ ሥራ ከእሑድ ጠዋት ጨዋታ ጋር ይቀላቅለዋል።

ዝርዝሮቹም ሙሉ አይደሉም። ጥቂት ዕይታ ያላቸው የፍለጋ ቃላት ስለማይታዩ የቃላቱ ድምር ከጠቅላላው የፍለጋ ቁጥር ያንሳል። በ28 ቀን 300 ዕይታ ላለው ቻናል ሦስት ሰው የጻፈውን ቃል ይዞ ቪዲዮ ማቀድ አያዋጣም። የ90 ቀን ወይም የዓመት ዝርዝር ከፍቶ፣ የፊደል ልዩነቱን ደምሮ፣ በተደጋጋሚ የሚመጣውን ጥያቄ መውሰድ ይሻላል። የበዓል ፍለጋ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው ከበዓሉ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ ቢጫን ጥሩ ነው። በዋዜማው የተጫነ ቪዲዮ በፍለጋ ውጤት ላይ ቦታ ሳይዝ ዶሮው ተበልቶ ያልቃል።